«አይደለም» ወዴት ይሄዳል? በፍሎውቻርት ውስጥ የአመክንዮ ስህተትን ስለ መፈለግ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤

ለዛሬ የተሰጠኝ ርእስ በፍሎውቻርት ውስጥ የሚደበቁ የአመክንዮ ስህተቶች እንዴት እንደሚገኙ ማስረዳት ነው። የስህተቱ ዓይነት ብዙ ስለሆነ ሁሉንም በስሱ ከመዳሰስ ይልቅ በእውነት የደረሰን አንድ ጉዳይ ይዤ እስከ መጨረሻው መከተልን መርጫለሁ። ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ማብቂያ የሌለው ዙር፣ መድረሻ የሌለው መንገድ እና አንድ መውጫ ብቻ ያለው ውሳኔ የምንላቸው ሦስት ስህተቶች በአንድ ቦታ፣ እንዲያውም በአንዲት ቀስት ላይ፣ ሲገናኙ ስለሚያሳይ ነው።

ማይክሮሶፍት ዙን የሚባል በእጅ የሚያዝ የሙዚቃ ማጫወቻ ይሸጥ ነበር። በ2006 ለገበያ የቀረበው ባለ 30 ጊጋባይቱ ሞዴል በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 31 ቀን 2008 በየባለቤቱ እጅ ላይ ደርቆ ቀረ። መሣሪያው ይበራል፣ የመክፈቻውን ምልክት ያሳያል፣ ከዚያ ወዲያ ግን ንቅንቅ አይልም። ከዚያ በኋላ የወጡት ሌሎቹ የዙን ሞዴሎች ምንም አልሆኑም። ኩባንያው ለደንበኞቹ የሰጠው ምክር ባትሪው ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ ጠብቀው በማግስቱ ቻርጅ እንዲያደርጉት ነበር፤ በማግስቱም መሣሪያው ምንም ሳይነካ እንደ ወትሮው ሠራ። አንድ ቀን ታምሞ በማግስቱ በራሱ የዳነ ፕሮግራም ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቀን ስሌት ነው፤ ጥርጣሬውም ትክክል ሆኖ ተገኘ።

በመሣሪያው ውስጥ ያለው ሰዓት ቀኑን የሚይዘው እንደ አንድ ትልቅ ቁጥር ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 አንደኛው ቀን ይሆንና ከዚያ ጀምሮ በየቀኑ አንድ ይጨመራል። ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ «ዘንድሮ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ደግሞ ከሰዓቱ ጋር የመጣ አነስተኛ የፕሮግራም ክፍል ነበር። ከክስተቱ በኋላ በይፋ የታየው የዚህ ክፍል ዋና አካል የሚከተለው ነው፦

```c
year = ORIGINYEAR;   /* 1980 */
while (days > 365) {
    if (IsLeapYear(year)) {
        if (days > 366) {
            days -= 366;
            year += 1;
        }
    } else {
        days -= 365;
        year += 1;
    }
}
```

ኮድ የማንበብ ልምድ የሌላችሁ አትጨነቁ፤ አሁን ወደ ሥዕል እንለውጠዋለን። እንዲያውም የዛሬው ክርክሬ ይህ ስህተት በኮድ ሲጻፍ ዓይን ያታልላል፣ በሥዕል ሲቀመጥ ግን መሸሸጊያ ያጣል የሚል ነው።

ወረቀታችሁ ራስ ላይ «ጀምር» የሚል ሞላላ ምልክት ሣሉ። ከእሱ በታች «ዓመት = 1980» የሚል አራት ማዕዘን ሳጥን ይቀመጣል። ቀጥሎ የመጀመሪያው ዳይመንድ ይመጣል፤ ስሙን ውሳኔ «ሀ» እንበለው፤ ጥያቄው «ቀናት ከ365 ይበልጣሉ?» የሚል ነው። አይደለም ከሆነ ዓመቱ ታውቋል፣ የቀረው ቁጥርም በዚያ ዓመት ውስጥ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ይነግረናል፤ ስለዚህ ቀስቱ ወደ «ጨርስ» ይሄዳል። አዎ ከሆነ ወደ ውሳኔ «ለ» እንወርዳለን፤ እሱም «ዓመቱ ባለ 366 ቀን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አይደለም ከተባለ «ከቀናት 365 ቀንስ፣ ዓመት ላይ 1 ጨምር» ወደሚል ሳጥን አልፈን ወደ «ሀ» እንመለሳለን። አዎ ከተባለ ውሳኔ «ሐ» ይቀበለናል፤ «ቀናት ከ366 ይበልጣሉ?» ይላል። መልሱ አዎ ከሆነ 366 ቀንሰን፣ ዓመት ላይ 1 ጨምረን፣ እንደገና ወደ «ሀ» እንመለሳለን።

መልሱ አይደለም ከሆነስ?

ይህን ሥዕል ከኮዱ ላይ እንዲገለብጡ ለተማሪዎች ስሰጥ ብዙዎቹ እዚህ ላይ እርሳሳቸውን ያነሣሉ፤ ኮዱ ስለ «አይደለም» የሚናገረው ነገር ስለሌለ እነሱም የሚሥሉት አይኖራቸውም። ውጤቱ ሁለት መልስ ያለው ጥያቄ ሆኖ ሳለ አንድ ቀስት ብቻ የሚወጣበት ዳይመንድ ነው። እኔ ይህን እንደ ስንፍና አልቆጥረውም፤ ሠዓሊው ሳያውቀው የፕሮግራሙን ሕመም በትክክል ቀድቷል። ኮዱን የጻፈው ባለሙያም ምናልባት በዚሁ ቦታ ላይ ስለ «አይደለም» ሳያስብ አልፎ ይሆናል። ልዩነቱ ኮምፒውተሩ ባዶ ቦታ ሲያገኝ የማይጠይቅ መሆኑ ነው፤ ለ«አይደለም» የተጻፈ ትእዛዝ ካጣ ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል፤ እዚህ ላይ የሚቀጥለው መስመር ደግሞ የዙሩ መዝጊያ ስለሆነ ወደ «ሀ» ይመለሳል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ምርመራ ቆጠራ ነው፤ ማሰብ ስለማይፈልግ ደክሞት ለዋለ ሰው እንኳ የሚመች ነው። «ጀምር» ከሚለው ምልክት አንድ ቀስት ይወጣል፣ ወደ እሱ የሚገባ አይኖርም። ከእያንዳንዱ ሳጥን አንድና አንድ ቀስት ብቻ ይወጣል፤ የሚገቡት ግን ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። ከእያንዳንዱ ዳይመንድ ቢያንስ ሁለት ቀስት ይወጣል፣ በእያንዳንዱም ላይ መልሱ ተጽፎ መገኘት አለበት። ከ«ጨርስ» ምንም አይወጣም። ጣታችሁን ከምልክት ወደ ምልክት እያሳለፋችሁ ስትቆጥሩ ያልተሟላው ዳይመንድ ራሱን ያጋልጣል። በቆጠራው ወቅት ሁለቱም ቀስቶቹ አንድ ቦታ የሚደርሱበት ዳይመንድም ሊገጥማችሁ ይችላል፤ ቁጥሩ ልክ ቢሆንም አዎ ቢባል አይደለም ቢባል ለውጥ ስለሌለው ውሳኔ ሊባል አይችልም፤ አብዛኛውን ጊዜም ከሁለቱ ቀስቶች አንዱ ያለ ቦታው እንደተሰካ ያመለክታል።

ሥዕሉ ከአንድ ገጽ ሲያልፍ ቆጠራው አንድ ተጨማሪ ሥራ ይኖረዋል። ገጽ አልቆ ፍሰቱ ወደ ሌላ ገጽ ሲሻገር በትንሽ ክብ ውስጥ ፊደል እንጽፋለን፤ በሚቀጥለው ገጽ ላይም ያው ፊደል ያለበት ክብ ይጠብቀናል። በልምዴ በትልልቅ የሥራ ሂደት ሥዕሎች ላይ መድረሻ የሌለው መንገድ በብዛት የሚገኘው በእነዚህ ክቦች ነው፤ አንዱ ገጽ ሲከለስ «መ» የሚለው ክብ ይሰረዝና ወደ «መ» የሚልከው ሌላው ገጽ እንደ ድሮው ይቀራል። ስለዚህ የክቦቹን ፊደላት ለብቻቸው ዘርዝሮ ላኪና ተቀባይ ማመሳሰል የቆጠራው አካል ነው።

ቆጠራው ሲያልቅ ወደ ሁለተኛው ምርመራ እንሻገራለን፤ ይህ ሁለት ቀለም ያለው እስክርቢቶ ይፈልጋል። በሰማያዊው ከ«ጀምር» ተነሥታችሁ ቀስቶቹን ወደ ፊት እየተከተላችሁ የምትደርሱበትን ምልክት ሁሉ ትነካላችሁ። በቀዩ ደግሞ ከ«ጨርስ» ተነሥታችሁ ቀስቶቹን ወደ ኋላ እየተከተላችሁ ወደ መጨረሻው ሊያደርስ የሚችለውን ምልክት ሁሉ ትነካላችሁ። ሁለቱንም ቀለም ያገኘ ምልክት ቢያንስ በመዋቅሩ ደህና ነው። ቀይ ብቻ ያለው ምልክት ማንም የማይደርስበት ነው፤ ተጽፏል እንጂ አይሠራበትም። ሰማያዊ ብቻ ያለው ግን ወጥመድ ነው፤ መግባት ይቻላል፣ ከገቡ በኋላ ግን ወደ መጨረሻው የሚያደርስ መንገድ የለም። ወጥመዱ ምልክቱ ቀስት አጥቶ የቆመበት ባዶ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ወይም እርስ በርሳቸው እየተቀባበሉ ውጪውን የማያሳዩ የበርካታ ሳጥኖች ዙር ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በዓይን ሲታዩ በጣም የተለያዩ ቢመስሉም በቀለሙ ግን አንድ ናቸው።

አሁን ይህን ምርመራ በእኛው ሥዕል ላይ እናድርገው፤ የዚህን ምርመራ ድክመት የምናየውም እዚሁ ነው። የ«ሐ»ን ባዶ መውጫ ኮምፒውተሩ እንዳደረገው ወደ «ሀ» መልሰን እናገናኘው። ከዚያ ቀለም ስንቀባ እያንዳንዱ ምልክት ሰማያዊም ቀይም ያገኛል። «ሐ» ወደ «ሀ» ይሄዳል፣ «ሀ» ወደ «ጨርስ» የሚወስድ ቀስት አለው፤ ታዲያ ምን ጎደለ? ወረቀቱ ንጹሕ ነው ይለናል፤ መሣሪያው ግን ዲሴምበር 31 ቀን ደርቋል። ቀለሙ የሚነግረን መንገድ መኖሩን ብቻ ነው፤ ተጓዡ በዚያ መንገድ ለመሄድ የሚፈቀድለት መሆን አለመሆኑን አይነግረንም። ከ«ሀ» ወደ «ጨርስ» ያለው በር የሚከፈተው ቀናት ከ365 ሳይበልጡ ሲቀሩ ነው፤ ቁጥሩ 366 ሆኖ ከቆየ በሩ ቢኖርም ዝግ ነው።

ስለዚህ ሦስተኛው ምርመራ ዙሮቹን አንድ በአንድ እየለዩ መጠየቅ ነው፤ እኔ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል የምለው ይህን ነው። ዙር ማለት ከአንድ ምልክት ተነሥቶ ቀስቶችን እየተከተሉ ወደዚያው ምልክት የሚመለሱበት መንገድ ነው። በሥዕላችን ላይ ከ«ሀ» ተነሥቶ ወደ «ሀ» የሚመለስ ሦስት የተለያየ መንገድ አለ። አንደኛው በ«ለ» አይደለም በኩል 365 ቀንሶ ይመለሳል። ሁለተኛው በ«ለ» አዎ እና በ«ሐ» አዎ በኩል 366 ቀንሶ ይመለሳል። ሦስተኛው በ«ለ» አዎ እና በ«ሐ» አይደለም በኩል አልፎ ምንም ሳይነካ ይመለሳል።

ለእያንዳንዱ ዙር የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ የመውጫው ውሳኔ የሚጠይቀውን ቁጥር በዚህ ዙር ውስጥ የሚለውጠው ሳጥን የትኛው ነው? በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዙር መልሱ ወዲያው ይገኛል፤ ቀናትን የሚቀንስ ሳጥን አለ። በሦስተኛው ዙር ግን ያሉት ዳይመንዶች ብቻ ናቸው። ዳይመንድ ይጠይቃል እንጂ አይለውጥም። ዳይመንዶች ብቻ ያሉበት፣ ከውጪ አዲስ መረጃ የማይቀበል ዙር አንድ ጊዜ ከተዞረ ለዘላለም ይዞራል፤ የተጠየቀው ጥያቄ ያው፣ የተጠየቀበት ቁጥርም ያው ስለሆነ መልሱ ሊለወጥ የሚችልበት ምክንያት የለም። ይህ የጥርጣሬ ምልክት ብቻ ሳይሆን የተረጋገጠ ስህተት ነው፤ የሚቀረን ተጓዡ በእርግጥ ወደዚያ ዙር የሚገባበት ቁጥር መኖሩን ማሳየት ብቻ ነው።

በዚህ ምርመራ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። ዙሩ ውስጥ ሳጥን መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ዓመትን እየጨመረ ቀናትን የማይቀንስ ሳጥን ቢኖር ሥራ ያለ ይመስላል፣ መውጫው ግን አይቀርብም። ሁለተኛው ደግሞ የሚለወጠው ቁጥር መውጫውን ዘሎ ሊያልፈው መቻሉ ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው «ሀ»ን «ቀናት = 0 ነው?» ብሎ ቢጽፈውና በየዙሩ 365 ቢቀንስ፣ ቁጥሩ ከ200 ወደ ከዜሮ በታች 165 ይዘላል፤ ዜሮን ሳይረግጥ ያልፍና ወደ ታች እየወረደ ይቀጥላል። እየቀነሰ የሚሄድ ቁጥርን «እኩል ነው?» ብሎ መጠየቅ አደገኛ ነው፤ «ያንሳል?» ወይም «አይበልጥም?» ብሎ መጠየቅ ግን የዘለለውንም ይይዛል።

ተጓዡ ወደ ሦስተኛው ዙር የሚገባበትን ቁጥር ለማግኘት የምጠቀምበት ዘዴ በእያንዳንዱ ቀስት ላይ «እዚህ የደረሰ ሰው ስለ ቁጥሩ ምን ያውቃል?» ብሎ መጻፍ ነው። በ«ሀ» አዎ ቀስት ላይ «ቀናት ከ365 ይበልጣሉ» ብለን እንጽፋለን። በ«ለ» አዎ ቀስት ላይ «ዓመቱ ባለ 366 ቀን ነው» ይጨመራል። በ«ሐ» አይደለም ቀስት ላይ ደግሞ «ቀናት ከ366 አይበልጡም» የሚል ይጨመራል። ሦስቱን አንድ ላይ አንብቧቸው፦ ከ365 የሚበልጥ፣ ከ366 የማይበልጥ ሙሉ ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም 366 ነው። የጠፋችው ቀስት የምታገለግለው ለአንድ ቁጥር ብቻ ነበር ማለት ነው፤ ይኸውም ባለ 366 ቀን የሆነ ዓመት የመጨረሻ ቀን ነው። በቀስቱ ላይ የተጻፈው ዓረፍተ ነገር እርስ በርሱ ቢጋጭ ኖሮ፣ ማለትም እንዲህ ያለ ቁጥር ፈጽሞ ባይኖር ኖሮ፣ ውሳኔው በሥዕል ሁለት መውጫ ይኑረው እንጂ በተግባር አንድ መውጫ ብቻ ያለው ነው እንል ነበር፤ ይህኛው የስህተት ዓይነትም በቆጠራ ስለማይያዝ መገኛው ይኸው ጽሑፍ ነው።

አሁን በእጅ እንከታተለው። ዲሴምበር 31 ቀን 2008 የሰዓቱ ቁጥር 10593 ነው፤ ከ1980 እስከ 2008 ያሉት 29 ዓመታት በ365 ሲባዙ 10585፣ በመካከላቸው ላሉት ስምንት ባለ 366 ቀን ዓመታት ስምንት ሲጨመር 10593 ይሆናልና። የክትትል ሰንጠረዣችሁ ለቀናት አንድ ዓምድ፣ ለዓመት አንድ ዓምድ፣ ለሦስቱ ውሳኔዎች ሦስት ዓምድ ይኑረው። ሃያ ሰባቱን ዙር ዘልለን 2007 ላይ እንድረስ፤ ቀናት 731 ናቸው። «ሀ» አዎ፣ «ለ» አይደለም፣ 365 ይቀነሳል፤ ቀናት 366፣ ዓመት 2008 ይሆናል። ቀጣዩ ረድፍ ላይ «ሀ» አዎ ይላል፣ 366 ከ365 ይበልጣልና። «ለ» አዎ ይላል። «ሐ» አይደለም ይላል፤ 366 ከራሱ አይበልጥም። ቀጣዩ ረድፍ፦ ቀናት 366፣ ዓመት 2008፣ አዎ፣ አዎ፣ አይደለም። ሁለት ረድፎች ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ሲሆኑ እርሳሱን ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሦስተኛውም፣ ሚሊዮንኛውም ረድፍ ያው ነው።

አንድ ቀን ወደ ኋላና አንድ ቀን ወደ ፊት ብንሞክር ደግሞ መሣሪያው ለምን በማግስቱ በራሱ እንደዳነ ይገባናል። ዲሴምበር 30 ቀን 2008 ላይ ስንደርስ የሚቀሩት ቀናት 365 ናቸው፤ «ሀ» አይደለም ይልና በሰላም ይወጣል። ጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ከሆነ 2008 ላይ ስንደርስ የሚቀሩት 367 ናቸው፤ «ሐ» አዎ ይላል፣ 366 ይቀነሳል፣ 1 ይቀራል፣ ዓመቱ 2009 ይሆናል፣ «ሀ» ያስወጣናል። በግራም በቀኝም ጤነኛ የሆነ ፕሮግራም መካከሉ ላይ ብቻ ይሞታል። ለመሞከሪያ የሚመረጡት ቁጥሮች በየውሳኔው ወሰን ላይ ያለው ቁጥር፣ ከእሱ አንድ የሚያንሰውና አንድ የሚበልጠው መሆን አለባቸው የሚባለውም ለዚህ ነው። እዚህ ላይ 365፣ 366 እና 367 ብቻ ተሞክረው ቢሆን ኖሮ በቂ ነበር። በዘፈቀደ ቀን እየመረጠ የሚሞክር ሰው ግን ይህን ስህተት የሚነካው ከ1461 ቀናት በአንዱ ብቻ ነው፤ ሦስት ባለ 365 ቀን ዓመትና አንድ ባለ 366 ቀን ዓመት ተደምረው ያን ያህል ቀን ይሆናሉና።

በእኛ የዘመን አቆጣጠር የሚሠራ ፕሮግራም የምትጽፉ ይህን ጉዳይ የሩቅ ሀገር ወሬ አድርጋችሁ አትስሙት። የዓመቱ ርዝመት እዚህም 365 ወይም 366 ስለሆነ ያው ሥዕል ያለ ምንም ለውጥ ለመስከረምና ለጳጉሜን ይሠራል፤ የሚደርቀውም በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 ቀን ነው። ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ሲካፈል 3 የሚተርፍበት ዓመት ስለሆነ 2015 እንዲህ ያለ ነበር፣ 2019ም እንዲሁ ነው። ጳጉሜን 5 ላይ ሞክሮ ያለፈ፣ መስከረም 1 ላይም ሞክሮ ያለፈ ሰው ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ የቀረችው ግን ያችው አንዷ ቀን ነች።

ስህተቱ ከተገኘ በኋላ የሚመጣው እርማት የራሱ ወጥመድ አለው። ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት መፍትሔ የ«ሐ»ን ጥያቄ «ቀናት ከ366 ይበልጣሉ ወይም እኩል ናቸው?» ብሎ ማስፋት ነው። ዙሩ በእርግጥ ይቆማል። ነገር ግን ሰንጠረዡን ቀጥሉ፦ 366 ሲቀነስ 0 ይቀራል፣ ዓመቱም 2009 ይሆናል፤ መሣሪያው «የ2009 ዜሮኛ ቀን ነው» ብሎ ይወጣል። በእኔ ግምት ይህ እርማት ከመጀመሪያው ስህተት የከፋ ነው፤ የደረቀ መሣሪያ ቢያንስ ችግር እንዳለበት ለባለቤቱ ያሳያል፣ የተሳሳተ ቀን ይዞ የሚሠራው ግን ማንም ሳያውቅ ስህተቱን ወደ ሌሎች ስሌቶች ያስተላልፋል። ዙሩ ቆመ ማለት መልሱ ልክ ሆነ ማለት ስላልሆነ ከእርማት በኋላ የወሰኑ ቁጥሮች እንደገና ይከታተላሉ፤ መቆሙ ብቻ ሳይሆን ይዞት የሚወጣው መልስም ይታያል።

ትክክለኛው ጥገና የ«ሐ»ን አይደለም ቀስት ወደ «ጨርስ» መውሰድ ነው። ቀናት 366፣ ዓመት 2008 ሆኖ ይወጣል፤ የ2008 ሦስት መቶ ስድሳ ስድስተኛ ቀን ዲሴምበር 31 ስለሆነ መልሱ ልክ ነው። እዚህ ላይ መለስ ብላችሁ ያችን ቀስት ተመልከቷት። ሳትሣል ስትቀር አንድ መውጫ ብቻ ያለው ውሳኔ አገኘን። «ያልተለመደ ቀን» የሚል መልእክት ወደሚያሳይ፣ ነገር ግን ወደ የትም ወደማይቀጥል ሳጥን ብንልካት መድረሻ የሌለው መንገድ ይሆን ነበር። ወደ «ሀ» ስትመለስ ማብቂያ የሌለው ዙር ሆነች። ሦስቱ ስህተቶች በመማሪያ ጽሑፎች ውስጥ እንደ ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ይዘረዘራሉ፤ በሥራ ላይ የሚያጋጥሙኝ ግን በአብዛኛው «አይደለም» ወዴት ይሄዳል የሚለው ያልተመለሰ ጥያቄ በሦስት ዓይነት መንገድ የተዘጋባቸው ናቸው።

ቀስቱን ከመጠገን ይልቅ ሥዕሉን እንደገና መሣል ደግሞ የተሻለ ነው። የስህተቱ ሥር «ሀ» ሁልጊዜ በ365 መጠየቁ ነው፤ ዓመቱ ባለ 366 ቀን ሲሆን ያ ጥያቄ ስለማይበቃ «ሐ»ን እንደ ማረሚያ መጨመር አስፈለገ። በምትኩ ከዙሩ መጀመሪያ ላይ የዓመቱን ርዝመት እንወስን፤ አንድ ውሳኔ ዓመቱን ይጠይቅና በሁለት ሳጥን ርዝመትን 366 ወይም 365 ያደርገዋል፤ ሁለቱም ቀስቶች ወደ አንድ ውሳኔ ይገናኛሉ፤ እሱም «ቀናት ከርዝመት ይበልጣሉ?» ይላል። አዎ ከሆነ ርዝመትን ቀንሰን፣ ዓመት ላይ 1 ጨምረን እንመለሳለን፤ አይደለም ከሆነ እንጨርሳለን። መውጫው አንድ ነው፤ ሁሉም ዙር በመቀነሻው ሳጥን ያልፋል፤ በየዙሩ ቢያንስ 365 ስለሚቀነስ ምንም ያህል ትልቅ ቁጥር ቢገባ ከርዝመት ወደማይበልጥ ቁጥር መውረዱ አይቀርም። ዙሩ እንደሚያበቃ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ከተቻለ ሥዕሉ ጤነኛ ነው፤ ለማስረዳት ገጽ ሙሉ የሚጠይቅ ከሆነ እንደገና መሣል ይቀላል።

ይህ ሁሉ የት ድረስ ያስኬዳል የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አለን ቱሪንግ በ1936 ባሳተመው ሥራ መሠረት ማንኛውንም ፕሮግራም ተቀብሎ «ይቆማል» ወይም «አይቆምም» ብሎ ሁልጊዜ ልክ የሚመልስ አጠቃላይ ዘዴ ሊኖር እንደማይችል ታውቋል። ምሳሌው ሩቅ አይደለም። አንድ ሙሉ ቁጥር ውሰዱ፤ 1 ከሆነ ጨርሱ፤ ተጋማሽ ከሆነ ለሁለት ክፈሉት፤ ኢተጋማሽ ከሆነ በ3 አባዝታችሁ 1 ጨምሩ፤ ከዚያ ወደ ላይ ተመለሱ። ሁለት ዳይመንድና ሁለት ሳጥን ብቻ ያለው ሥዕል ነው፤ ቆጠራውን ያልፋል፣ ቀለሙን ያልፋል፣ እያንዳንዱም ዙር ቁጥሩን ይለውጣል። በ27 ቢጀመር እስከ 9232 ወጥቶ ከ111 እርምጃ በኋላ 1 ላይ ይደርሳል። የኮላትዝ ጥያቄ በሚባለው በዚህ ሥዕል ላይ ሁሉም ቁጥር 1 ላይ ይደርስ እንደሆነ እስከ ዛሬ ያረጋገጠ የለም፤ ቁጥሩ አንዴ ወጥቶ አንዴ ስለሚወርድ «በየዙሩ ይቀንሳል» ብሎ መከራከር አይቻልም።

በዕለት ሥራችን እንዲህ ያለ ዙር ሲያጋጥመንና ማብቃቱን ማስረዳት ሲያቅተን ቆጣሪ እናስገባለን፤ ዙሩ ከተወሰነ ቁጥር ካለፈ የሚያስወጣ አንድ ተጨማሪ ዳይመንድ ማለት ነው። ይህ ዳይመንድም ሁለት መውጫ አለውና እላይ ያልነው ሁሉ እሱንም ይመለከተዋል። በተለይ ገደቡ ሲያልፍ የሚወጣው ቀስት ትክክለኛው መልስ ከሚወጣበት «ጨርስ» ጋር መገናኘት የለበትም፤ ከተገናኘ ከ«ጨርስ» በኋላ ያለው ሰው የተገኘ መልስና በድካም የተቋረጠ ስሌት የሚለይበት ነገር አያገኝም። ለብቻው «መልስ አልተገኘም» ወደሚል ሳጥን ይሂድ፤ ከዚያ ሳጥንም ቀስት ወጥቶ ለብቻው ወደተሣለ «ጨርስ» ይድረስ።